ቤንዚንና ዘይት ቅልቅል፣ ጭስና የካንዴላ ጥላሸት፦ በደሴና በኮምቦልቻ የሞተር መጋዝ ለሚጠቀሙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በባለ ሁለት ምት ሞተር፣ በተለይም ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ በምንጠቀምበት የሞተር መጋዝ ላይ ያተኩራሉ። በጀርባ የሚታዘል የሞተር መርጫም ሆነ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው ሌላ ማንኛውም ትንሽ ሞተር አሠራሩ ተመሳሳይ በመሆኑ፣ አብዛኛው ነገር ለእነርሱም ይሠራል።

ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው ለምንድን ነው?

የመኪና ሞተር ዘይቱን ከታች በራሱ ቋት ይዞ በፓምፕ እያዞረ ያለሰልሳል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ኮሎው የሚሽከረከርበትን ክፍል አየርና ቤንዚን ለመሳብና ወደ ላይ ለመግፋት ስለሚጠቀምበት፣ በዚያ ቦታ ዘይት ማጠራቀም አይችልም። ስለዚህ ኩሽኔታዎቹም፣ ፒስተኑና ፋሻውም የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ በሚገባው ጥቂት ዘይት ብቻ ነው። ያ ዘይት ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከፊሉ ይቃጠላል፣ ከፊሉ በማርሚታው ይወጣል። ከባለ ሁለት ምት ሞተር ቀላል ሰማያዊ ጭስ መታየቱ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው፤ ጭስ ጨርሶ እንዳይኖር መፈለግ ሞተሩን ያለ ዘይት ወደ ማሠራት ይመራል።

ለአንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ዘይት ይገባል?

የመጀመሪያው መልስ የሞተሩ መመሪያ ወይም በታንከሩ ክዳን አጠገብ የተጻፈው ቁጥር ነው። አዳዲስ የሞተር መጋዞች በአብዛኛው 50 ለ 1 ይጠይቃሉ፤ ይህም ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ማለት ሲሆን፣ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አንዳንድ መርጫዎችና የቆዩ ሞተሮች 25 ለ 1 ይጠይቃሉ፤ ለእነርሱ በሊትር 40 ሚሊ ሊትር ይገባል። ለአምስት ሊትር ጀሪካን የመጀመሪያው 100፣ ሁለተኛው 200 ሚሊ ሊትር ነው። ሌላ ቁጥር ቢያጋጥምዎ 1000ን ለዚያ ቁጥር ያካፍሉ፤ ውጤቱ ለአንድ ሊትር የሚገባው ዘይት በሚሊ ሊትር ነው።

ሁለት ዓይነት መሣሪያ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው፣ ለመርጫው በ25 ለ 1 የተቀላቀለ ተርፎ ለመጋዙ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ነው። ይቻላል፤ የተረፈው 2 ሊትር ከሆነ ወደ 2 ሊትር ንጹሕ ቤንዚን ሲጨመርበት ዘይቱ በእጥፍ ቤንዚን ላይ ስለሚዳረስ 50 ለ 1 ይሆናል። የማይቻለው ተቃራኒው ነው፦ ለመጋዙ የተቀላቀለውን ዘይት ሳይጨምሩ ወደ መርጫው መቅዳት፣ የሚፈልገውን ዘይት በግማሽ መቀነስ ነው።

በምን ልለካው? በየትኛውስ ቅደም ተከተል ልቀላቅል?

ብዙው ጥፋት የሚጀምረው ከልኬት ነው። በክዳን፣ በሲኒ ወይም በዓይን ግምት የሚቀላቀል ዘይት አንድ ቀን በዝቶ ሌላ ቀን ያንሳል፤ ከዚያ በኋላ ጭሱን ማንበብም ትርጉም ያጣል፤ ምክንያቱም ምን እንደገባ የሚያውቅ የለም። ከየትኛውም ፋርማሲ የሚገኝ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌው በቂ መለኪያ ነው፤ አንድ ሙሉ ሲሪንጅ ለአንድ ሊትር በ50 ለ 1 ልክ ይመጣል። ቤንዚኑም መለካት አለበት። ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ላዩ ላይ ከተጻፈው በላይ ይይዛል፤ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚንም መጠኑ እንደ ሻጩ አሞላል ይለያያል። ስለዚህ ከማደያ ሲቀዳ በማሽኑ ላይ የተነበበውን ሊትር መያዝና ዘይቱን በዚያ መሠረት ማስላት ይሻላል።

ሲቀላቅሉ መጀመሪያ ግማሹን ቤንዚን በንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ያድርጉ፤ ቀጥሎ ዘይቱን በሙሉ ይጨምሩና ከድነው በደንብ ይወዝውዙ፤ ከዚያ ቀሪውን ቤንዚን ጨምረው እንደገና ይወዝውዙ። በመጋዙ ታንከር ውስጥ መቀላቀል አይገባም፤ ዘይቱ ሳይዋሐድ ከታች ተኝቶ መጀመሪያ ወደ ካርቡራተሩ ሊሳብ ይችላል፤ በደሴ ማለዳ ብርድ ዘይቱ ሲወፍር ደግሞ ይህ ይብሳል። የባለ ሁለት ምት ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም የሚጨመርበት፣ የተቀላቀለው ቤንዚን ካልተቀላቀለው በዓይን እንዲለይ ነው። ይህ ቀለም ዘይት መግባቱን እንጂ መጠኑን አይናገርም። ቅልቅሉ ከከሰልና ከማንኛውም እሳት ርቆ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ መደረግ እንዳለበት ሳልጠቅስ አላልፍም።

የመኪና ሞተር ዘይት ብጠቀምስ?

አይጠቀሙ። የመኪና ዘይት ከቤንዚን ጋር ተዋሕዶ እንዲቃጠል አልተሠራም፤ ሞተርን ለማጽዳት የሚጨመሩበት የብረት ውሕዶች ሲቃጠሉ አመድ ይተዋሉ። ያ አመድ በካንዴላው ጫፍ ላይ ጠጣርና ግራጫ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ ሲበዛ የካንዴላውን ክፍተት ድልድይ ሠርቶ ይዘጋዋል፤ ሲግል ደግሞ ያለ ካንዴላው ብልጭታ ቤንዚኑን ቀድሞ ሊያቀጣጥለው ይችላል። በማሸጊያው ላይ 2 ቁጥርና ቲ ፊደል ጎን ለጎን የተጻፈበትን፣ በተለምዶ «ቱ-ቲ» የሚባለውን ዘይት ይፈልጉ። ከዚህም ውስጥ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል የጥራት ደረጃ የተጻፈበት ዝቅተኛ ጭስና ጥቂት ጥቀርሻ የሚተው ነው።

ዘይት ማብዛት ሞተሩን ይበልጥ አይጠብቀውም?

መልሱ ከሚጠበቀው በተቃራኒ ነው። ካርቡራተሩ የሚለካው ፈሳሹን እንጂ ቤንዚኑን ለብቻው አይደለም፤ በፈሳሹ ውስጥ ዘይት ሲበዛ ለመቃጠያ የሚደርሰው ቤንዚን ያንሳል። ከ50 ለ 1 ወደ 25 ለ 1 ሲለወጥ ቤንዚኑ በ2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ቅልቅሉ ስለሚወፍርም በቀዳዳው የሚያልፈው ትንሽ ይዘገያል። ለውጡ ትንሽ ቢሆንም አቅጣጫው መታወቅ አለበት፦ ዘይት መጨመር ቤንዚንን ከአየር አንጻር ያሳንሳል፣ ዘይት መቀነስ ደግሞ በጥቂቱ ያበዛዋል። ቀጥሎ ላለው ጥያቄ ይህ ነገር ወሳኝ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ደህና የነበረው መጋዝ ደሴ ሲደርስ የሚጨሰውና ካንዴላ የሚያጠቁረው ለምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። የሐረጎን ዳገት በአንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የወጣ መጋዝ ደሴ ላይ በእያንዳንዱ ስበት የሚያገኘው አየር ኮምቦልቻ ከሚያገኘው በ6 በመቶ ገደማ ያንሳል። በባሕር ወለል አካባቢ ለሚሠራ እንደተስተካከለ ሳይነካ ከካርቶን ከወጣ አዲስ መጋዝ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ከአምስት አንድ እጅ ይበልጣል። ካርቡራተሩ ግን አየሩ በሳሳው ልክ ቤንዚኑን አይቀንስም። በዚህ ምክንያት ቤንዚን ይበዛል፣ ሳይቃጠል የቀረው ወደ ጥላሸትነት ይለወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበት ይቀንሳል። የአየሩ መሳሳት ራሱ የሚወስደው ጉልበት ግን በማንኛውም ማስተካከያ አይመለስም።

የተለመደው ስሕተት እንዲህ ነው። በአምስት ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ዘይት እየቀላቀለ ኮምቦልቻ አካባቢ ያለ ችግር ሲሠራ የቆየ ሰው፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተገዛ ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ መጋዙን ይዞ ይወጣል። ከጥቂት ታንከር በኋላ ጭስ ይበዛል፣ መጋዙ ግንድ ውስጥ ሲገባ ይደክማል፣ ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ለብሷል። ጭስ የዘይት ምልክት ነው ብሎ ያሰበ ሰው ዘይቱን ወደ 60 ሚሊ ሊትር እንዲያወርደው ይመክረዋል። በዚህ ጊዜ ቅልቅሉ ከ80 ለ 1 በላይ ሳስቷል ማለት ነው። የዘይቱ ድርሻ ስላነሰ ሰማያዊው ጭስ በመጠኑ ይቀላል፤ ባለቤቱም የተሳካለት ይመስለዋል። ጥላሸቱ ግን አይለቅም፤ ቀደም ሲል እንደተባለው ዘይቱ ሲቀንስ የቤንዚኑ ድርሻ በጥቂቱ ስለሚጨምር በሽታው ከቦታው አልተነሳም። የተጨመረው ነገር ቢኖር ኩሽኔታዎቹና ፒስተኑ የሚያገኙት ዘይት በ40 በመቶ መቀነሱ ነው።

ትክክለኛው ሥራ ዘይቱን ወደ 100 ሚሊ ሊትር መልሶ ካርቡራተሩን ለከፍታው ማስተካከል ነው። የዘይቱ ልክ በከፍታ አይለወጥም። ከሁሉ በፊት ግን ዴፕራተሩ፣ ማለትም የአየር ማጣሪያው፣ ይጽዳ፤ በእንጨት ብናኝ የታፈነ ማጣሪያ ልክ እንደ ከፍታው አየር ያሳጣል፤ ማጣሪያው ቆሽሾ ሳለ የተስተካከለ ካርቡራተር ማጣሪያው በጸዳ ቀን ቤንዚን ያጥረዋል። ቾኩም ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ያሠሩት።

በካርቡራተሩ ላይ አንዱ ለዝቅተኛ፣ ሌላው ለከፍተኛ ፍጥነት ቤንዚን የሚለኩ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ፤ ሦስተኛው የሚኒሞ ማስተካከያ ነው። ከመንካትዎ በፊት ሞተሩን አጥፍተው እያንዳንዱ በስንት ዙር እንደሚዘጋ ቆጥረው ይጻፉት፤ ሲዘጋም በጣት ኃይል ብቻ ቀስ ብለው ይንኩት፤ ጫፉ መርፌ ስለሆነ በካቻቢቴ ከጠበቀ ይጎዳል። ወደነበረበት መልሰው ሞተሩን ያስነሱ። ወደ ቀኝ ማዞር ቤንዚን ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ማዞር ይጨምራል። በመጀመሪያ የዝቅተኛውን፣ ነዳጅ መስጫው ድንገት ሲጫን ሞተሩ ሳይደናቀፍና ሳይታፈን እንዲነሣ አድርገው ያስተካክሉ። ቀጥሎ የከፍተኛውን ከአንድ ስምንተኛ ዙር በማይበልጥ እርምጃ ወደ ቀኝ እያዞሩ ጆሮዎን ይስጡ።

ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ከእንጨት ውጪ ሲሠራ ትክክለኛ መጋዝ ድምፁ በመጠኑ የሚንተባተብ፣ የሚቆራረጥ ነው፤ ግንድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ድምፁ ጠርቶ ይጎትታል። ግንድ ውስጥም ከተንተባተበ አሁንም ቤንዚን በዝቶበታል። ከእንጨት ውጪ ያለ አንዳች መቆራረጥ እንደ ፉጨት ከጮኸ ቤንዚን አንሶታልና ወዲያውኑ ወደ ግራ ይመልሱት። የዙር መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው በመመሪያው ከተጻፈው ከፍተኛ ዙር እንዳያልፍ ይጠንቀቅ፤ የሌለው ሰው ትንሽ የተንተባተበውን ይምረጥ፤ የተወሰነ ጥላሸት ካንዴላ በመጥረግ ይወገዳል፣ የተቃጠለ ፒስተን ግን በመጥረግ አይድንም። አንዳንድ መጋዞች የከፍተኛው ብሎን ላይ ማገጃ ክዳን አላቸው፣ አንዳንዶቹም በኤሌክትሮኒክ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ በእነዚህ ላይ ብሎኑን በኃይል ማዞር አይገባም።

ወደ ኮምቦልቻ ስመለስስ?

አደገኛው ጉዞ ቁልቁለቱ ነው። ደሴ ላይ ወደ ቀኝ የተዞረ ካርቡራተር ኮምቦልቻ ወርዶ ወፍራም አየር ሲያገኝ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ይህ ሁኔታ ጭስ አያበዛም፣ ካንዴላም አያጠቁርም፤ እንዲያውም መጋዙ ከመቼውም ይልቅ ፈጣንና ንጹሕ ሆኖ ይሰማል። በኮምቦልቻ ሙቀት ሙሉ ነዳጅ እየተሰጠው ሲጎትት ግን ፒስተኑ ከልክ በላይ ይግላል። ስለዚህ የጻፉትን የዙር ቁጥር ተመልክተው ብሎኖቹን ወደ ኮምቦልቻው ልክ መልሱ፤ ከዚያ በድምፁ ያረጋግጡ።

የጭሱን ቀለም እንዴት ላንብበው?

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይመልከቱ። ሲነሣ የሚታየው ጭስ፣ በተለይ በደሴ ብርድ ከውኃ ተን ጋር የሚወጣው ነጭ ጉም፣ ምንም አይናገርም። ሞተሩ ሞቆ በሥራ ላይ ሳለ ሰማያዊ፣ የዘይት ሽታ ያለው ወፍራም ጭስ መውጣቱን ካላቆመ ዘይት በዝቷል ወይም ተስማሚ ያልሆነ ዘይት ገብቷል። ጥቁርና የቤንዚን ሽታ ያለው ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ወይም አየር መታፈኑን ያሳያል። የቤንዚኑ ሽታ የላምባ ሽታ ከመሰለ፣ ሞተሩም ለመነሣት ካስቸገረና በሥራ ላይ ከተንኳኳ፣ ቤንዚኑ ተበርዟል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ታንከሩን ደፍቶ ከማደያ በተቀዳ ቤንዚን አዲስ መቀላቀል ብዙ ምርመራ ያስቀራል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ብስክሌት ላለው ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ቅልቅሉ ልክ ሆኖ ሰማያዊው ጭስ ድንገት ከበዛ የካምቢዮውን ዘይት ይለኩ። እየጎደለ ከሆነ በኮሎው ጫፍ ያለው የጎማ መዝጊያ አርጅቶ ሞተሩ የካምቢዮ ዘይት እየሳበ ነው፤ ቅልቅሉን መለወጥ እዚያ ላይ ምንም አይፈይድም።

ካንዴላውን መቼና እንዴት ልየው?

ግንድ ውስጥ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ሲሠራ ቆይቶ ወደ ሚኒሞ ሳይመለስ በማጥፊያው የቆመ ሞተር ካንዴላ እውነቱን ይናገራል። በሚኒሞ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ የጠፋ ሞተር ካንዴላ ሁልጊዜ ይጠቁራል፣ በእርሱ መፍረድ ስሕተት ነው። አዲስ ካንዴላም ቀለም ለመያዝ ጥቂት ታንከር ይፈልጋል።

ነጩ ሸክላ ቀላል ቡናማ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ልክ ነው። ጥቁር ሆኖ ደረቅና በጣት ሲነካ የሚለቅ ጥላሸት የቤንዚን መብዛት ወይም የታፈነ ማጣሪያ ነው። ጥቁር ሆኖ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅና ዘይት የሚል ከሆነ ዘይት በዝቷል፣ ወይም ካንዴላው በትክክል አይተኩስም፣ ወይም ለሞተሩ ከሚገባው በላይ ቀዝቃዛ ዓይነት ተገጥሟል። በእነዚህ በሁለቱ ጥቁሮች መካከል ያለውን ልዩነት በጣት ማሻሸት ይለየዋል፤ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ይህን ቢይዝ እመርጣለሁ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ካቻቢቴ ሲሆን የሁለተኛው ሲሪንጅ ነውና። የነጣና የተቃጠለ፣ በላዩም ላይ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ የብረት ጠብታዎች ያሉበት ካንዴላ ከታየ ሞተሩን አያስነሱ፤ ጠብታዎቹ ከፒስተኑ አልሙኒየም የቀለጡ ናቸው።

ካንዴላውን በቤንዚንና በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ሸክላ ይበልጥ ቆሻሻ ይይዛል። በአብዛኞቹ መጋዞች የጫፉ ክፍተት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው።

ካንዴላው ንጹሕ ሆኖ መጋዙ ጉልበት ቢያጣስ?

ማርሚታውን ይመልከቱ። በመውጫው ያለችው የእሳት ብልጭታ መከላከያ ወንፊት በጥቀርሻ ስትደፈን ሞተሩ መተንፈስ ያቅተውና ዙሩ አይወጣም። ወንፊቷን አውጥተው በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ እንጂ ጥለዋት አይሥሩ፤ በደረቅ ወቅት በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ብልጭታ መጣል እሳት ማስነሣት ነው። ማርሚታው ተፈትቶ የሲሊንደሩ የጭስ በር በጥቀርሻ ከጠበበ፣ ፒስተኑን በሩን እስኪሸፍን አዙረው በእንጨት ስንጥር ይፋቁት፤ ብረት ፒስተኑን ይጭራል።

የተቀላቀለ ቤንዚን ስንት ጊዜ ይቆያል?

በአንድ ወር ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይቀላቅሉ። ቀላሉ የቤንዚን ክፍል እየተነነ ዘይቱ ስለሚቀር፣ በታንከር ውስጥ የተረሳ ቅልቅል ከጊዜ በኋላ ከቀላቀሉት በላይ ዘይት የያዘ ይሆናል፤ የካርቡራተሩን ስስ የጎማ ልባስም ያደርቃል። መጋዙ ለክረምት ሲቀመጥ ታንከሩን ደፍተው፣ ሞተሩ በቀረው ነዳጅ እስኪጠፋ ያሠሩት።

ሞተሩ ተናክሶ ቢቆም ጥፋቱ የዘይቱ ይሁን የካርቡራተሩ በምን አውቃለሁ?

ማርሚታውን ፈትተው በጭስ በሩ በኩል ፒስተኑን በባትሪ መብራት ይመልከቱ። ጭረቱ በጭስ በሩ በኩል ባለው ጎን ላይ ብቻ ከበዛ፣ ያ ጎን ከሁሉ የሚግለው ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ ግሏል፦ ያልተመለሰ የካርቡራተር ልክ፣ የተሰነጠቀ የቤንዚን ቱቦ ወይም ከጎን አየር የሚያስገባ ጋርኒሲዮን ይፈለጋል። ሲሊንደሩ ተነሥቶ ሲታይ ፒስተኑ ዙሪያውን ከተጫረና ውስጡ ደርቆ የዘይት ቅባት ከሌለበት፣ ዘይት ያልገባበት ቤንዚን ተቀድቶለታል። በዚህ ጊዜ በጀሪካኑ የቀረውን ጥቂት በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ሲጠፋ፣ ዘይት ያለበት ግን የማይለቅ የቅባት ክብ ይተዋል።